የሚስጥር ቁጥር ገብቶ ሜኑው ከተቋረጠ ገንዘቡ የት ነው ያለው?

ይህን የመድረክ ውይይት ክር የከፈተው ሰው ኢንተርኔት በሌለው ባለ ቁልፍ ስልክ ገንዘብ ሲላክ ስለሚያጋጥም አንድ ነገር ነው የጠየቀው። ኮከብ፣ አጭሩ ቁጥርና መሰላል ተደውሎ ሜኑው ይመጣል። ገንዘብ መላክ ይመረጣል፤ የተቀባዩ ቁጥርና መጠኑ ይገባል፤ ስም ይታያል፤ በመጨረሻ የሚስጥር ቁጥር ተጽፎ ይላካል። ማሳያው ጥቂት ሰከንድ ከጠበቀ በኋላ ግንኙነቱ እንዳልተሳካ የሚገልጽ ጽሑፍ ያወጣና ሁሉም ነገር ይጠፋል። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ደግሞ መላክስ ይቻላል? ጠያቂው አንድ ተጨማሪ ጥያቄም ነበረው፤ ኢንተርኔት ከሌለ ይህ ሜኑ የተቀመጠው የት ነው፣ ስልኩ ውስጥ ነው ወይስ ከስልኩ ውጪ? ሁለተኛው ጥያቄ ለማወቅ ጉጉት ብቻ የተጨመረ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው እሱ ሲፈታ ነው። ከዚህ በታች መልሶቹን በቅደም ተከተላቸው አቀርባለሁ።

1. የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና፣ ግን በእርግጠኝነት ነው የጻፈው። በእሱ አገላለጽ ይህ ሜኑ የሚሠራበት ዘዴ፣ ዩኤስኤስዲ፣ ሌላ መልክ የያዘ አጭር መልእክት ነው፤ ኢንተርኔት የማይፈልገውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሜኑው ቢቋረጥም የተላከው ነገር ኔትወርኩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፣ መስመሩ ሲመለስ ይደርሳል፤ መጨነቅ አያስፈልግም፣ መጠበቅ ብቻ ነው።

2. ሁለተኛው ግማሹ ልክ መሆኑን አምኖ ሌላውን ግማሽ አረመ። ሁለቱም የሚጓዙት ስልኩና ኔትወርኩ ለራሳቸው መነጋገሪያ በሚጠቀሙበት የምልክት መስመር መሆኑ እውነት ነው፤ ዳታ የማያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። አጭር መልእክት ማዕከል ውስጥ ይቀመጣል፤ ስልኩ ቢዘጋ ማዕከሉ ደጋግሞ ይሞክራል። ዩኤስኤስዲን የሚያስቀምጥለት የለም። ከተደወለበት ጊዜ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ሁለቱም ወገን መስመር ላይ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከጠፋ በመንገድ ላይ የነበረው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል፣ ቆይቶ የሚደርስ ነገር የለም።

ሜኑውም ስልኩ ውስጥ አይደለም። ስልኩ የሚሠራው የመጣለትን ጽሑፍ ማሳየትና የተጻፈውን ቁጥር መልሶ መላክ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ከስልኩ ወደ አንቴናው፣ ከአንቴናው ጥሪዎችን ወደሚያገናኘው ማዕከል፣ ከዚያ የደንበኛው መዝገብ ወዳለበት፣ ከዚያ ኔትወርኩንና የገንዘብ ሲስተሙን ወደሚያገናኘው ዩኤስኤስዲ ጌትዌይ፣ በመጨረሻም ገንዘቡን ወደሚያስተዳድረው ሲስተም ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። የላኪውን ስልክ ቁጥር ማንም አይጽፍም፤ ኔትወርኩ ራሱ ከሲም ካርዱ አውቆ አብሮ ያስተላልፋል። ሲስተሙ የሚስጥር ቁጥር ብቻ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ በሌላ ሰው ስም የወጣ ምትክ ሲም አደገኛ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

3. ሦስተኛው መልስ የክሩ ዋና አካል ነው። ጸሐፊዋ ጌትዌይ ላይ የምትሠራ መሆኗ ከዝርዝሩ ያስታውቃል። ሁለተኛውን መልስ ይዛ መቋረጡ የት ቦታ ላይ እንደሚደርስ ለየች፤ የገንዘቡ ዕጣ የሚወሰነው በዚያ ነውና።

የሚስጥር ቁጥሩ ወደላይ እየሄደ ሳለ፣ ከገንዘብ ሲስተሙ ሳይደርስ መስመሩ ከተበጠሰ ምንም አልተፈጸመም። ሲስተሙ ያለው ያልተጠናቀቀ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱንም ጊዜው ሲያልፍ ይጥለዋል። ቁጥሩ ደርሶ፣ ገንዘቡ ከአንዱ ሂሳብ ወጥቶ ሌላው ላይ ከገባ በኋላ መልሱ ወደታች ሲመለስ መስመሩ ከተበጠሰ ግን ዝውውሩ አልቋል፤ የጠፋው የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው። በላኪው ስልክ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው የሚያወጡት። ስልኩ መልስ አለመምጣቱን እንጂ ለምን እንዳልመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከማሳያው ተነስቶ መገመት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ እሷ ከሁሉም የከፋ ያለችው ይህን ነው። መስመሩ ደህና ነው፤ ግን ጌትዌዩ ከገንዘብ ሲስተሙ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ለምሳሌ 10 ሰከንድ እንዲጠብቅ ተደርጎ ከሆነና ሲስተሙ በሥራ ብዛት ተጨናንቆ በ14ኛው ሰከንድ ላይ ቢመልስ፣ ጌትዌዩ በ10ኛው ሰከንድ አገልግሎቱ ለጊዜው እንደማይሠራ ለደንበኛው ነግሮ ገጹን ዘግቷል። ገንዘቡ ደግሞ ከ4 ሰከንድ በኋላ ይሄዳል። ደንበኛው ግልጽ የሆነ የአልተሳካም ጽሑፍ አንብቦ በልበ ሙሉነት ይደግማል፤ ሁለት ጊዜም ይልካል። ስለዚህ የእሷ ምክር የሚስጥር ቁጥር ከተላከ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም የስህተት ጽሑፍ እንደማስረጃ እንዳይቆጠር ነው። የሚስጥር ቁጥሩ ስህተት እንደሆነ ወይም ሂሳቡ በቂ እንዳልሆነ የሚናገረው ብቻ ይታመናል፤ እሱ ከራሱ ከገንዘብ ሲስተሙ የመጣ መልስ ነው።

ከዚያ ሂሳቡን በቁጥር አሳየች። በሂሳቡ 1,240 ያለው ሰው 500 ላከ እንበል፤ የአገልግሎት ክፍያው 5 ነው። ሜኑው ሲቋረጥ እንደገና ደውሎ ቀሪ ሂሳቡን ይይ። 735 ከሆነ ሄዷል። 230 ከሆነ ሁለት ጊዜ ሄዷል። 1,240 ከሆነ ግን ገና አልሄደም ማለት እንጂ አይሄድም ማለት አይደለም፤ ትእዛዙ ሰልፍ ላይ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ከቀሪ ሂሳብ ይልቅ የመጨረሻ ግብይቶችን ዝርዝር ማየት ይሻላል፤ በዚያው ሰዓት ከሌላ ሰው ገንዘብ ገብቶ ከሆነ ቀሪው ብቻውን ያሳስታል፣ ዝርዝሩ ግን እያንዳንዱን ከግብይት ቁጥሩ ጋር ያወጣል።

4. አራተኛው በቁጣ ነው የገባው። ይህ ሁሉ ማብራሪያ ለድርጅቶቹ መሸፈኛ መሆኑን፣ ሁለት ጊዜ መላክ ሆን ተብሎ ክፍያ ለመሰብሰብ የሚደረግ መሆኑን፣ እውነተኛ ፍላጎት ቢኖር አንድ ኮምፒውተር ተመሳሳይ ዝውውርን ማወቅ እንደማያቅተው ጻፈ። ቁጣው ከመጠን ያለፈ ቢሆንም የመጨረሻው ነጥቡ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር።

5. አምስተኛው መልስ የሰጠው ግን ባልተገባ ስለታም አነጋገር ነው፤ የማያውቁትን ከመክሰስ መጀመሪያ ማንበብ እንደሚሻል በመጻፍ ጀመረ። ይዘቱ ግን ጠቃሚ ነው። እያንዳንዱ የሜኑ ጉዞ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ጌትዌዩ በዚያው ጉዞ ውስጥ አንድን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢልከው ሲስተሙ መለያውን አይቶ ሁለተኛውን ይጥላል። ደንበኛው እንደገና ሲደውል ግን አዲስ ጉዞ፣ አዲስ መለያ ነው። ለሲስተሙ ይህ ሰው ሌላ 500 ሊልክ የፈለገ ሰው ነው፤ እንዲህ የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ መለያ ቁጥር ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ሌላ ደንብ ነው፤ ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ ተመሳሳይ መጠን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሲደገም ሲስተሙ ማስቆም ወይም መጠየቅ አለበት።

6. ሦስተኛዋ ጸሐፊ ተመልሳ አራተኛውን በለዘብታ አናገረችው። የጠየቀው ደንብ ባለበት ሲስተም ሁለተኛው ሙከራ ተመሳሳይ ዝውውር በቅርቡ መፈጸሙን የሚናገር ገጽ ያመጣል። ብዙ ሰው ይህን ገጽ እንደ አዲስ ስህተት ይቆጥረውና መጠኑን ወደ 501 ቀይሮ ይልካል፤ ያኔ ደንቡ ያልፈዋል። ያ ገጽ በመጣ ጊዜ ዋናው ጥያቄ ተመልሷል፤ የመጀመሪያው ሄዷል ማለት ነው።

7. ሰባተኛው ጥያቄውን በሌላ ተረዳው። ወደተሳሳተ ቁጥር የተላከ ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ ረዘም አድርጎ ጻፈ፤ ቶሎ ለአገልግሎት ሰጪው መደወል፣ ገንዘቡ ከወጣ ግን ያለተቀባዩ ፈቃድ መመለስ ከባድ መሆኑን። ጠያቂው የጠየቀው ይህን አይደለም። ቢሆንም አንድ ዓረፍተ ነገሩን ልያዝለት፤ የሚስጥር ቁጥር ከመጻፉ በፊት በሚወጣው ገጽ ላይ ያለውን ስም ማንበብ ከዚያ በኋላ ከሚደረግ ማንኛውም ጥረት ይበልጣል።

8. ስምንተኛው ራሱ የሞባይል ገንዘብ ወኪል ነው፤ ጉዳዩን ከጠረጴዛው ማዶ አመጣው። ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ሜኑው ይቋረጣል፤ ደንበኛው ቀሪ ሂሳቡን አይቶ መቀነሱን ያሳያል፣ በወኪሉ ስልክ ላይ ግን ማረጋገጫው አልመጣም። ደንበኛው ይቆጣል፤ ከኋላ ሰልፍ አለ። የእሱ ደንብ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጠው በራሱ ሂሳብ ላይ ገንዘቡ መግባቱን በራሱ ሜኑ ካየ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው። የደንበኛውን ስልክ አያይም፤ ራሱ ላይ የመጣውን አጭር መልእክት እንኳ ብቻውን አያምንም። የላኪ ስም ተመሳስሎ የሚላክ ሐሰተኛ ማረጋገጫ አለና። በሐሰተኛው መልእክት ላይ ያለው ቀሪ ሂሳብ ከእውነተኛው ጋር እንደማይገጥም፣ ወኪሉም የሚያውቀው በዚያ እንደሆነ ጨመረ። ይህ መልስ ከቁጥሮቹ በላይ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳያልና።

9. ዘጠነኛው መቋረጡን ከመነሻው መቀነስ ይቻላል አለ። ለእያንዳንዱ ገጽ የሚሰጠው የማሰቢያ ጊዜ አጭር ነው፤ ጠቅላላው ጉዞም ገደብ አለው። ርዝመቱ እንደ አገልግሎት ሰጪው ይለያያል። ስድስት ገጽ ላይ ቁጥር እየፈለገ የሚቆይ ሰው ጊዜው ያልቅበታል። ሜኑው የሚፈቅድ ከሆነ ምርጫዎቹን ከመጀመሪያው አያይዞ በአንዴ መደወል ይቻላል። ኮዱ እንደየአገልግሎቱ ስለሚለይ ቅርጹን ብቻ እንዲህ አሳየ፦

```
*000*1*የተቀባይ ቁጥር*500#
```

እዚህ ላይ 1 ገንዘብ መላክን የሚመርጥ ነው፤ ሦስት ያህል ገጾች ተዘለው ቀጥታ ስሙ ያለበት ማረጋገጫ ይመጣል። የተቀባዩን ቁጥር አስቀድሞ ወረቀት ላይ መጻፍና በጉዞው መሃል ጥሪ ቢመጣ አለማንሳትንም መከረ፤ በብዙ ስልኮች ላይ የሚገባ ጥሪ ገጹን ያጠፋዋል።

10. አሥረኛው ወዲያው ደስ ብሎት የሚስጥር ቁጥሩንም አብሮ ማያያዝ እንደሚቻልና የበለጠ እንደሚፈጥን ጻፈ።

11. አሥራ አንደኛው በአንድ አንቀጽ አስቆመው፤ ጠንከር ያለ ነበር፣ መጠንከሩም ተገቢ ነው። በሜኑው ውስጥ የሚጻፍ መልስ ስልኩ ላይ አይቀመጥም። በአንዴ የተደወለ ረጅም ኮድ ግን እንደማንኛውም ጥሪ የተደወሉ ቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስልኩን የተዋሰ ሰው ዝርዝሩን ከፍቶ የሚስጥር ቁጥሩን ያነበዋል፤ አረንጓዴውን ቁልፍ በስህተት የተጫነ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ እንደገና ይልካል። እስከ መጠኑ ማያያዝ ይቻላል፣ ከዚያ ማለፍ የለበትም። አሥረኛው አመስግኖ መልሱን አስተካከለ።

12. ከዚህ በኋላ ወሬው ወጣ አለ። አሥራ ሁለተኛው የሞባይል ገንዘብ ሁሉ ከመጀመሪያው በዩኤስኤስዲ እንደነበረ ጽፎ ኤምፔሳን በምሳሌነት ጠቀሰ።

13. ቀጣዩ አረመው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ ሲጀመር ሜኑው ሲም ካርዱ ላይ የተጫነ ነበር፤ ደንበኛው ሁሉን ሞልቶ ሲጨርስ ሲሙ ትእዛዙን ሌላ እንዳያነበው በምስጢር ቆልፎ በአጭር መልእክት ይልከው ነበር። ሁለቱ የየራሳቸው ጥቅምና ጉዳት አላቸው። ሲሙ ላይ ያለ ሜኑ ከሲሙ ጀምሮ ይቆለፋል፣ ግን ሲሙን ያዘጋጀው ኔትወርክ ካልተባበረ ሌላ ድርጅት ሊጭንበት አይችልም። ዩኤስኤስዲ በማንኛውም ስልክና ሲም ይሠራል፣ ሜኑውም በአንድ ሌሊት ሊቀየር ይችላል። ነገር ግን የሚቆለፈው ከስልኩ እስከ አንቴናው ባለው የአየር ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚስጥር ቁጥሩ በግልጽ ጽሑፍ ነው ጌትዌዩ ላይ የሚደርሰው። መዝገቡ ላይ እንዳይቀር መሸፈን የጌትዌዩ ባለቤት ኃላፊነት ነው።

14. አሥራ አራተኛዋ ሜኑዎቹ ለምን በራሳችን ፊደል እንደማይመጡ፣ ቢመጡም ለምን ቁርጥራጭ እንደሆኑ ጠየቀች።

15. ጌትዌይ ላይ የምትሠራዋ አጭር መልስ ሰጠች። የአንድ ገጽ ጠቅላላ መያዣ 160 ባይት ነው። በላቲን ፊደል 182 ቁምፊ ይይዛል፤ እንደ ግዕዝ ላሉ ፊደላት እያንዳንዱ ቁምፊ 2 ባይት ስለሚወስድ 80 ብቻ ነው የሚቀረው፣ ክፍት ቦታውና ቁጥሩም ከዚያው ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ የላቲን ገጽ በግዕዝ ሁለት ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ገጽ ሲበዛ ደግሞ የመቋረጥ ዕድል ይበዛል። ፊደሉ ያልተጫነበት ስልክ ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳያል። የግዕዝ ፊደል አንድ ሙሉ ክፍለ ቃል በአንድ ቁምፊ ስለሚይዝ ኪሳራው እንደሚፈራው እንዳልሆነ፣ ዋናው ነገር ጽሑፉን ከላቲኑ ላይ ከመተርጎም ይልቅ ለ80 ቁምፊ አስቦ መጻፍ እንደሆነም ጨመረች። እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

16. አሥራ ስድስተኛው ወደ ጉዳዩ መለሳቸው። የሦስተኛው መልስ አደጋ ከሥሩ ሊነቀል የሚችል መሆኑን ተከራከረ፤ የሚስጥር ቁጥሩ እንደደረሰ ሲስተሙ ወዲያው ጥያቄው መድረሱንና ውጤቱ በአጭር መልእክት እንደሚመጣ ጽፎ ገጹን ይዝጋ፣ ዝውውሩንም ከዚያ በኋላ ይፈጽም። ያኔ ጌትዌዩ መልስ እየጠበቀ ጊዜው አያልቅበትም፤ ሐሰተኛ የአልተሳካም ጽሑፍም አይኖርም።

17. ወኪሉ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። አጭር መልእክቱ በተጨናነቀ ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፤ ፊቱ የቆመ ደንበኛ ጥያቄው ደርሷል የሚል ጽሑፍ ይዞ ገንዘቡ ተልኳል ብሎ ይከራከራል። ለእሱ የሚሻለው ገጹ የመጨረሻውን ውጤት ይዞ መምጣቱ ነው፣ አንዳንዴ ቢቋረጥም። አሥራ ስድስተኛው የቃላት ምርጫ ችግር ነው አለ፤ ወኪሉ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ቃላት እንደማይመዝን መለሰ። ከዚህ በላይ አልተስማሙም፤ የሁለቱም ክርክር ከእውነተኛ ሥራ የመጣ ስለሆነ አንዱን ብቻ ልክ ነው ማለት ይከብደኛል።

18. ክሩን የከፈተው ተመልሶ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት ጠየቀ። አምስተኛው በአንድ ሲስተም ውስጥ ላሉ ሂሳቦች ጥቂት ደቂቃ እንደሚበቃ ጻፈ። ወደ ባንክ ወይም ወደ ሌላ አገልግሎት የሚሄድ ዝውውር ግን የተለየ ነው፤ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይደርስ መሃል ላይ በማቆያ ሂሳብ ሊቆይ ይችላል፣ የሚለየውም ሁለቱ ድርጅቶች መዝገባቸውን ሲያስታርቁ ነው። 735 አይቶ ተቀባዩ አልደረሰኝም የሚል ሰው ያለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ እንደገና መላክ አያስፈልግም።

19. የመጨረሻውን መልስ የጻፈችው ያችው የጌትዌይ ባለሙያ ናት፤ ለአገልግሎት ሰጪው ሲደወል ምን መናገር እንዳለበት ዘረዘረች። የተቋረጠ ጉዞ ደንበኛው የሚያየው መለያ ቁጥር የለውም፤ የአገልግሎት ሰጪው ባለሙያ መዝገቡን የሚፈልገው በስልክ ቁጥርና በደቂቃ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ እስከ ደቂቃው፣ የተቀባዩ ቁጥር፣ መጠኑ፣ በመጨረሻ የታየው ገጽ ምን እንደሚል፣ ከዚያም ስንት ጊዜ እንደተደገመ ይነገር። የጌትዌዩና የገንዘብ ሲስተሙ ሰዓት አንዳንዴ ስለማይገጥም ባለሙያው ከተባለው ደቂቃ በፊትና በኋላም እንዲያይ መጠየቅ ይገባል። የሚስጥር ቁጥሩን ግን መዝገቡን ለመፈለግ ማንም አያስፈልገውም፤ የሚጠይቅ ሰው ካለ ስልኩን መዝጋት ነው።